ቤታቸው ለተሟላ ሙሽሮች ምን እንስጥ?

የሰርግ ሰሞን በአዲስ አበባ ሱቆች በብዛት ከሚሸጡት ዕቃዎች አንዱ ዚፕ ባለው ጠንካራ የላስቲክ ቦርሳ የታሸገው ከባድ ብርድ ልብስ ነው። ያምራል፣ ግዙፍ ነው፣ ተሸክመውት ሲገቡም ዓይን ይሞላል። ሙሽሮቹ ሦስት ዓመት አብረው የኖሩ ከሆነ ግን አልጋቸው ላይ ብርድ ልብስ አለ፤ ቁም ሣጥናቸው አናት ላይ ደግሞ ለእንግዳ የተቀመጠ ሌላ አለ። የእኛ ሦስተኛ ይሆናል። በጠባብ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሦስተኛ ብርድ ልብስ የሚቀመጥበት ቦታ ስለማይገኝ፣ ዚፑ ሳይከፈት ወደሚቀጥለው ሰው ሰርግ ይሄዳል። የሻይ ስኒውም፣ የጁስ መፍጫውም፣ የግድግዳ ሰዓቱም ዕጣ ከዚህ አይለይም።

ይህ የሆነው ሰጪዎቹ ቸልተኞች ስለሆኑ አይደለም። የሰርግ ስጦታ ልማዳችን የተሠራው ከባዶ ለሚጀምሩ ሰዎች ነው። የሁለቱም ወገን ወላጆች ከብት ቆጥረው፣ እህል ሰፍረው ልጆቻቸውን ጎጆ ያስወጡ ነበር። በከተማም ዘመድና ወዳጅ ድስቱን፣ ትሪውን፣ አንሶላውን ያመጣል፤ ከመልስ በኋላ ሁሉም ተደምሮ ቤት ይሆናል። ዛሬ በከተማ የብዙዎች ቅደም ተከተል ተገልብጧል። የቤት ኪራይ ለብቻ የሚቻል ስላልሆነ አብረው ይከራያሉ። ወይም በወረዳ ተፈራርመው፣ ድግሱን ገንዘብ እስኪጠራቀም ያቆዩታል። ወይም ከሁለቱ አንዳቸው ውጭ አገር ስለሚሠሩ ሰርጉ ለዕረፍት እስኪመጡ ይጠብቃል። ሰርጉ ሲደርስ ማቀዝቀዣው፣ ምጣዱ፣ ሶፋው፣ ቴሌቪዥኑ አንድ በአንድ በደመወዝና በዕቁብ ተገዝቶ አልቋል።

እንዲህ ላለው ቤት ስጦታ የሚመርጥ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ ያላቸውን ዕቃ በተሻለ መተካት ነው። ማቀዝቀዣቸው ትንሽ ከሆነ ትልቅ፣ ቴሌቪዥናቸው ጠባብ ከሆነ ሰፊ መግዛት። እኔ ይህን አልመክርም። ያ ትንሽ ማቀዝቀዣ ሁለቱ ዕቁብ ጥለው የገዙት የመጀመሪያው የጋራ ዕቃ ሊሆን ይችላል፤ ትልቅ ማምጣት የእነሱን «አይበቃም» ማለት ነው። አሮጌውን የመሸጥ ወይም ቦታ የመፈለግ ጣጣም በላዩ ይጨመራል። የግድግዳ ጌጥ፣ መጋረጃ፣ ምንጣፍም እንደዚሁ ነው፤ አብረው የኖሩ ሰዎች የቤታቸውን መልክ መርጠው ጨርሰዋል።

ታዲያ የሚሻለው ምንድን ነው? የጎደለውን ዕቃ ፍለጋ ትቶ፣ ያለው ግን የማይሠራው የቱ እንደሆነ ማወቅ ነው። ይህ ደግሞ በጥያቄ አጠያየቅ ይወሰናል። ሙሽሮቹን በቀጥታ «ምን እናምጣላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም። በእኛ አገር ለዚህ ጥያቄ ያለው መልስ አንድ ነው፦ «ኧረ ምንም፣ እናንተ ብቻ ኑልን!» ትሕትና ነውና እውነቱ አይወጣም። የሚጠየቀው ቤቱ የሚገባ ሰው ነው፤ እህት፣ ሚዜ፣ ቅዳሜ ቡና የምትጠጣ ጎረቤት።

ከመሥሪያ ቤታችን አንዲት ልጅ ልታገባ ስትል የሆነውን ልንገራችሁ። ከእጮኛዋ ጋር በአንድ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ አብረው መኖር ከጀመሩ ቆይተዋል። ዘጠኝ ባልደረቦቿ እንደየአቅማችን አዋጥተን 27,000 ብር ሞላን። ገሚሳችን ባለ ብዙ ስኒ የቡና ረከቦት፣ ገሚሳችን ማይክሮዌቭ ስንል፣ በዕድሜ ትልቋ የሒሳብ ሠራተኛችን «ቆዩ» አለችና ለሙሽራዋ ታናሽ እህት ስልክ ደወለች።

«አንቺ ቤታቸው ትገቢያለሽና፣ ምን አስቸግሯቸዋል?»

«ኧረ እትዬ፣ ምንም አልጎደላቸውም።»

«የጎደለውን አልጠየቅኩሽም የኔ ልጅ። አለን እያሉ የማይሠሩበት ነገር የለም ወይ?»

ልጅቷ ሳቀች። «የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ነዋ! ከገዙት ዓመት አልፎታል፤ ጨርቅ ለብሶ ቆሟል። ቅዳሜ ቅዳሜ በእጇ ነው የምታጥበው።»

ማሽኑ አልተበላሸም፤ ችግሩ ውኃው ነበር። በብዙ የአዲስ አበባ ሰፈሮች ውኃ በፈረቃ ነው፤ በሳምንት የተወሰኑ ቀናት፣ ብዙ ጊዜም ሌሊት ይመጣል። ከታች ያሉት ሁሉ ቧንቧ ሲከፍቱ ሦስተኛ ፎቅ የሚደርሰው ቀጭን ነው። ማጠቢያ ማሽን ደግሞ ባልዲ ተሞልቶ የሚፈስበት ዕቃ አይደለም። ውኃው በቱቦ በተወሰነ ግፊት እንዲመጣለት ይፈልጋል፤ ካልመጣለት ትንሽ ጠብቆ፣ ውኃ አልገባም የሚል ምልክት አሳይቶ ይቆማል። እንዲህ እየሆነ ሁለት ሦስት ጊዜ ካስቸገረ በኋላ ባለቤቶቹ ተስፋ ቆርጠው ጨርቅ ያለብሱታል። እንዲህ የቆሙ ማሽኖች በየኮንዶሚኒየሙ ብዙ ናቸው።

ስለዚህ ስጦታው ውኃ ማጠራቀሚያና አነስተኛ ፓምፕ ከነመግጠሚያው እንዲሆን ተስማማን። ነገሩ ቀላል ቢመስልም ሳይጠየቅ የሚገዛ አይደለም፤ በሦስት ምክንያት።

የመጀመሪያው ክብደት ነው። ሱቅ ሄደው ቢጠይቁ ሻጩ ባለ 500 ሊትሩን ሮቶ ያሳይዎታል፤ ከትንሹ ጋር ያለው የዋጋ ልዩነትም ያጓጓል። አንድ ሊትር ውኃ ግን አንድ ኪሎ ይመዝናል። 500 ሊትር ማለት አምስት ኩንታል ነው፤ አምስት ኩንታል ጤፍ በአንድ ማዕዘን ላይ እንደ መከመር ማለት። በረንዳ ይህን እንዲሸከም ታስቦ መሠራቱን የሚያውቅ መሐንዲስ ሳያይ ማስቀመጥ ለእነሱም ከታች ለሚኖረውም አደጋ ነው። ፍላጎታቸውን ስናሰላውም ያን ያህል አያስፈልግም። ከፊት የሚከፈት ሰባት ኪሎ የሚይዝ ማሽን በአንድ እጥበት የሚጠቀመው በግምት 50 ሊትር ነው። ባለ 200 ሊትር ማጠራቀሚያ ሦስት ጊዜ አሳጥቦ ለሌላም ይተርፋል፤ የሁለት ሰው የሳምንት ልብስ ከዚህ አያልፍም። ሁለት መቶውም ቢሆን በረንዳ ጠርዝ ላይ ሳይሆን የታችኛው ቤት ግድግዳ ባለበት በኩል፣ ከግድግዳ ተጠግቶ እንዲቀመጥ ነው የተደረገው።

ሁለተኛው ግፊት ነው። ማጠራቀሚያ ብቻ መስጠት በቂ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የማሽኑ መመሪያ ላይ የሚያስፈልገው የውኃ ግፊት ተጽፏል፤ እንደ ሥሪቱ ቢለያይም የእነሱ ዝቅተኛው 0.5 ባር ይላል። ከፍ ብሎ የተቀመጠ ውኃ አንድ ባር ግፊት የሚሰጠው አሥር ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖረው ነው፤ ለግማሽ ባር አምስት ሜትር ያስፈልጋል። እዚያው ፎቅ ላይ ከማሽኑ አጠገብ የቆመ ማጠራቀሚያ ይህን ከፍታ ከየትም አያመጣውም። ፓምፑ የግድ የሆነው ለዚህ ነው። የሚመረጠው ማሽኑ ውኃ ሲጠይቅ ራሱ የሚነሳ፣ ሲዘጋ ራሱ የሚቆም፣ ማጠራቀሚያው ባዶ ሲሆንም በደረቁ እንዳይሽከረከር መከላከያ ያለው ነው። ያለዚህ መከላከያ ፓምፑ ውኃ ባለቀበት ሰዓት ሲሽከረከር ግሎ ይቃጠላል፤ ሻጩ ካላስረዳ «ውኃ ሲያልቅ ምን ይሆናል?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ድምፁንም አስነስቶ መስማት ይገባል፤ ግድግዳው ስስ ነው፣ ጎረቤት አለ።

ሦስተኛው ፈቃድ ነው። ቤቱ የራሳቸው ካልሆነ አከራዩ መስማማት አለበት፤ ቧንቧ የሚቆረጥበት ስጦታ ነውና። ተከራይ ለሆኑ ሙሽሮች ነቅለው ይዘውት የሚሄዱት ዓይነት ግጥሚያ ይሻላል። በዚህ የተነሳ ነገሩን ደብቆ በሰርጉ ቀን ማስደነቅ አይቻልም። ለሙሽራዋ ነገርናት። መጀመሪያ «እንዴት ቧንቧ ስጦታ ይሆናል!» ብላ ሳቀች፤ ቀጥሎ የማሽኑን መመሪያ ከመሳቢያ አውጥታ ገጹን በስልኳ አንስታ ላከችልን። የቧንቧ ሠራተኛው ዕቃው ከመገዛቱ በፊት ቤቱን አይቶ የቱቦውን ርዝመትና የሶኬቱን ቦታ ለካ። ዕቃ ተገዝቶ በኋላ ባለሙያ ሲጠራ ግማሹ ዕቃ አይገጥምም፤ ከቤቱ ጋር የሚያያዝ ነገር ሁሉ፣ የሙቅ ውኃ ማሞቂያም ሆነ የኤሌክትሪክ መጠበቂያ፣ ይኸው ችግር አለበት።

ሁሉም ቤት ውኃ አይደለም ችግሩ። አንዱ ቤት ምጣዱ ሲሰካ ቆጣሪው እየዘለለ እንጀራ ከውጭ ይገዛል፤ ያኔ ስጦታው ለምጣዱ የራሱን መስመር የሚዘረጋ ኤሌክትሪሻን ነው። ሌላው ቤት የተገዛ የመጽሐፍ መደርደሪያ ሳይገጣጠም ካርቶኑ ውስጥ ተኝቷል። በሁሉም የሚፈለገው አንድ ነው፤ ገንዘብ የወጣበት፣ ቦታ የያዘ፣ ግን ጥቅም የማይሰጥ ዕቃ።

እንዲህ ያለ ነገር ካልተገኘ ወይም ቤታቸውን የሚያውቅ ሰው ካጣን ገንዘብ እንስጥ። በፖስታ ገንዘብ መስጠት በእኛ ዘንድ ነውር የለውም። ልብ የማይባለው ጊዜው ነው። ቤቱ የተሟላለት ሙሽራ ገንዘብ የሚጎድለው ከሰርጉ በኋላ ሳይሆን ከሰርጉ በፊት ባሉት ሁለትና ሦስት ሳምንታት ነው። አዳራሹ ቀብድ የተከፈለው ከወራት በፊት ቢሆንም ቀሪው ከዕለቱ በፊት ይጠየቃል። ዲኮሩ እንደዚሁ። ሰንጋው የሚገዛው በመጨረሻው ሳምንት በጥሬ ገንዘብ ነው፤ ቅቤው ቀድሞ ተገዝቶ ተነጥሯል። በሰርጉ ማታ በተዘጋጀው ሣጥን የሚገባው ፖስታ ለዚህ ሁሉ አይደርስም። ያን ጊዜ ሙሽሮቹ ለጭንቀቱ ተበድረው ጨርሰዋል።

ስለዚህ የቅርብ ሰው የሆነ፣ በሰርጉ ቀን ሊሰጥ ያሰበውን ገንዘብ ከሦስት ሳምንት በፊት ቢሰጥ ያው ብር ብዙ ይጠቅማል። አሰጣጡ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ያለ ቃል በቴሌብር የተላከ ገንዘብ ብድር ይመስላል፤ ሙሽራው ማስታወሻው ላይ ዕዳ አድርጎ ይጽፈዋል። «ለሰርጋችሁ ቀን ያዘጋጀሁት ነው፤ አሁን ይበልጥ ይጠቅማችኋል ብዬ ነው፤ የዚያን ቀን ባዶ እጄን ነው የምመጣው» ማለት ነገሩን ይዘጋዋል። በዕለቱ ካርድ ጽፎ ሣጥኑ ውስጥ መክተት ይበቃል፤ የተቀባዮቹ ቤተሰቦችም እገሌ ምንም አላመጣም አይሉም።

ከሰርጉ በኋላ የሚቀርም አንድ ወጪ አለ፤ አልበሙ። ፎቶ አንሺው ቀብድ ተቀብሎ ያነሳል፣ ቀሪውን ግን አልበሙ ሲያልቅ ይቀበላል። ሰርጉ ኪሳቸውን ካራቆተ በኋላ ይህን ቀሪ ክፍያ ለነገ ለተነገ ወዲያ እያሉ የሚያሳድሩ ሙሽሮች ብዙ ናቸው፤ ፎቶው ስቱዲዮ ይቀመጣል። ገንዘብ ብቻ መስጠት ለማይወድ ሰው ይህ ጥሩ መንገድ ነው። ቀሪው ስንት እንደሆነ ከሚዜው ይጠይቃል፣ ስቱዲዮ ሄዶ በሙሽሮቹ ስም ይከፍላል፣ በስማቸው የተቆረጠውን ደረሰኝ ፖስታ ውስጥ ከትቶ ይሰጣል። ደረሰኝ የሌለው ክፍያ ግን በኋላ ለክርክር ይዳርጋል።

ካርዱ ላይ ስለሚጻፈው ስምም አንድ ነገር ልበል። በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213 መሠረት፣ ከጋብቻ በፊት የአንዱ የነበረ ንብረት የግሉ ሆኖ ይቀጥላል፤ በጋብቻ ጊዜ ለአንዱ ብቻ በስጦታ የተሰጠውም የግሉ ነው። ለሁለቱም በአንድነት የተሰጠ ስጦታ ደግሞ፣ ሰጪው ሌላ ነገር ካልተናገረ፣ የጋራቸው ይሆናል። አዋጁ የፌዴራል ሲሆን በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ይሠራል፤ ክልሎች የየራሳቸው ሕግ አላቸው። አብረው የኖሩ ሙሽሮች ቤት ውስጥ ሶፋው የእሱ፣ ማቀዝቀዣው የእሷ እየተባለ የመጣ ዕቃ ብዙ ነው። ስለዚህ የሙሽራዋ ጓደኛ ብንሆንም፣ የሙሽራው አጎት ብንሆንም፣ ለቤቱ ከሰጠን የሁለቱንም ስም እንጻፍ። ለሙሽራዋ ብቻ የታሰበ የአንገት ሐብል ሲሆን ደግሞ የእሷን ስም ብቻ መጻፍ ተገቢ ነው።

እዚህ ላይ አብሮ ስለመኖር ማንሳት ያለብኝ ነገር አለ። ልጆቹ አብረው እንደሚኖሩ ጓደኞቻቸው ሁሉ ያውቃሉ፤ አያትየው ላያውቁ፣ ወይም አውቀው ሊያልፉት ይችላሉ። አዳራሽ ውስጥ ድምፅ ማጉያ ይዞ «ቤታችሁ ሙሉ ስለሆነ ይህን አመጣንላችሁ» ማለት ወላጆቻቸውን በአደባባይ ማሳፈር ነው። የስጦታው ምክንያት በሰጪና በተቀባይ መካከል ይቅር። አዳራሽ የሚመጣው ስጦታ ማንም ቢያየው ጥያቄ የማያስነሳ ይሁን፤ ሌላው ወደ ቤታቸው ይሂድ።

ለአዳራሹ፣ በተለይም ከትልልቅ ሰዎች እጅ፣ ጋቢን የሚያህል የለም። ቤቱ ቢሞላም ሁለተኛ ጋቢ አይበዛም፤ አንዱ ሲታጠብ ሌላው ይለበሳል፣ እንግዳ ይደርብበታል፣ ነገ ደግሞ ለአራስ ቤት ይፈለጋል። ከብርድ ልብሱ በታች ቦታ ይይዛል። ግን ጋቢ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ሽሮ ሜዳ ሄዶ የመጀመሪያውን ማንሳት አይገባም። ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ ጫፉን ፈልቀቅ አድርጎ መቁጠር ይቻላል። ዛሬ በአብዛኛው ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ የእጅ ፈትል ነው፤ ይህ ማጭበርበር አይደለም፣ የተለመደ አሠራር ነው። ማጉም የፋብሪካ ሆኖ እንደ እጅ ፈትል ሲሸጥ ነው ጥፋቱ። ጋቢውን ወደ ብርሃን አቅንቶ አንዱን ማግ በዓይን መከተል ነው፤ የእጅ ፈትል እዚህ ወፈር፣ እዚያ ቀጠን ይላል፣ የፋብሪካው ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው። ሰው ሠራሽ ክር ተቀላቅሎበት እንደሆነ ከዘርፉ አንድ ክር ለምኖ በክብሪት ማቃጠል ይለየዋል። ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ ለስላሳ አመድ ይሆናል፤ ሰው ሠራሹ ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሠራል። አዲስ ጋቢ ሳይታጠብ ደረቅ ማለቱ ግን ጉድለት አይደለም፤ ታጥቦ ይለሰልሳል። ለሸማኔ አሠርቶ መስጠት የፈለገ ሰርጉ ሳምንት ሲቀረው መሄድ የለበትም፤ በሰርግ ወራት ሸማኔዎቹ ሥራ ይበዛባቸዋል።

የእኛው ስጦታ ከመልስ በኋላ በነበረው ቅዳሜ ተገጠመ። ከ27,000 ብሩ ላይ ዕቃውና የባለሙያው ዋጋ ተቀንሶ የተረፈው፣ ሲጠየቁ ለፎቶ አንሺው እንደሚሆን ስለነገሩን ለዚያው ተሰጠ። ሙሽራዋ የጠየቀችን አንድ ነገር ነበር፤ ያዋጡት እነማን እንደሆኑ። በልማዳችን ስጦታ የሚመለስ ብድር ነው፤ ነገ የእነዚያ ሰዎች ልጅ ሲዳር እሷም ትደርሳለች። ስለዚህ የዘጠኙንም ስም ጻፍንላት፤ ስንት ስንት እንዳዋጡ ግን አልጻፍንም። አንዱ አምስት ሺህ፣ ጽዳት ሠራተኛዋ አምስት መቶ ብር ነበር የሰጡት። ስማቸው በፊደል ተራ ተደርድሮ ከፓምፑ የዋስትና ወረቀትና ከቧንቧ ሠራተኛው ስልክ ቁጥር ጋር በአንድ ፖስታ ተሰጣት።